ዲኮደሩ የማን ነው? ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ሙሉቀን እባላለሁ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለአንድ የቴሌቪዥን ድርጅት ቤት ለቤት እየዞርኩ ዲኮደር ስገጥምና ስነቅል ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ። አሁን ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ዲሽ እተክላለሁ፣ ሪሲቨር እጠግናለሁ። ሰሞኑን "ውል ላቋርጥ ነው፣ ዲኮደሩን ምን ላድርገው?" የሚለኝ ሰው በዛ። እዚህም ካለ ሰው፣ ከውጭም ካለ ዘመድ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ ዛሬ እዚሁ ጠይቁኝ ብያለሁ። ዝናብ ስለሆነ ጣሪያ ላይ አልወጣም፤ ጊዜ አለኝ።

ሰላማዊት፣ ማራኪ፦ ጋሽ ሙሉቀን፣ እናቴ ቨርጂኒያ ብዙ ዓመት ኖራ ጠቅልላ መጥታለች። የሳተላይት ቲቪዋን ከመምጣቷ በፊት በስልክ አቋርጣለች። ሁለቱ ዲኮደሮች ግን እዚያው ቤት ቀሩ፣ አሁን ተከራይ ገብቶበታል። ትናንት "ዕቃውን ካልመለሱ እናስከፍላለን" የሚል ኢሜይል መጣ። እሷ እኮ አልወሰደችውም፣ ቤቱ ውስጥ ነው ያለው። ያስከፍሏታል?

አዎ፣ ያስከፍሏታል። ድርጅቱ የሚያውቀው ዕቃው መጋዘኑ ገብቶ መመዝገቡን ነው። ቨርጂኒያ ቤት ውስጥ ቢቀመጥም ማራኪ ቢመጣም ለእነሱ ያው "አልተመለሰም" ነው።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውል ማቋረጥ አንድ ሥራ ነው፣ ዕቃ መመለስ ሌላ ሥራ ነው። ደውሎ ያቋረጠ ሰው ዕቃውን ካልመለሰ የዕቃ ዋጋ ይመጣበታል። ዕቃውን መልሶ ያልደወለ ደግሞ ወርሃዊ ክፍያው ይቀጥልበታል፤ ዲኮደር የሌለው ቤት በየወሩ ይከፍላል። ሁለቱንም አይቻለሁ።

እስቲ ሦስት ነገር ንገሪኝ። ያቋረጠችው መቼ ነው? ውሉ የስንት ወር ነበር፣ ስንት ወርስ ሄዷል? ኢሜይሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ ስንት ነው?

ሰላማዊት፦ ካቋረጠች 13 ቀን ሆኗታል። ውሉ የ24 ወር ነው፣ 17ቱን ጨርሳለች። ኢሜይሉ በ21 ቀን ውስጥ መልሱ ይላል። አንዱን ዲኮደር 45 ዶላር፣ ትልቁን 135 ዶላር ብሎታል። ከዚያ ውጭ ቀድሞ ላቋረጠችበት በቀረው ወር ልክ 20 ዶላር፣ 20 ዶላር አለባት ይላል።

ጥሩ፣ አልረፈደም። ስምንት ቀን አላችሁ።

ሂሳቡን ለሁለት ክፈይው። የቀረው 7 ወር ነው፤ በ20 ሲባዛ 140 ዶላር። ይሄ ውሉን ቀድሞ የማፍረስ ቅጣት ነው፣ ዕቃ በመመለስ አይቀርም። አገር መልቀቅም በራሱ ነፃ አያወጣም። ደውሎ "አገር ለቅቄያለሁ፣ ቀንሱልኝ" ብሎ መጠየቅ ግን አያስነውርም፤ አንዳንዴ ይቀንሳሉ፣ አንዳንዴ አይሰሙም። ሁለተኛው 45 እና 135 ነው፣ ድምሩ 180 ዶላር። ይሄኛው ሙሉ በሙሉ ሊቀር የሚችል ገንዘብ ነው። ስለዚህ ጉልበታችሁን እሱ ላይ አድርጉ።

እናትሽ ራሳቸው ይደውሉ። ውሉ በስማቸው ስለሆነ አንቺን አያናግሩሽም። የሚጠይቋቸው የሂሳብ ቁጥርና የሚስጥር ቁጥር አለ፤ ከድሮ ደረሰኝ ላይ ወይም ከኢሜይሉ ይገኛል። ሰው ሲያነሳላቸው "በእኔ ስም ስንት ዕቃ ተመዝግቧል? የእያንዳንዱን ቁጥር አንብቡልኝ" ይበሉ። ይህችን ጥያቄ አትዝለሏት፣ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከዚያ ተከራዩን በትህትና ለምኑት። ዲኮደሩን ገልብጦ ከታች ያለውን ነጭ ወረቀት በስልክ ፎቶ ያንሳ። S/N ከሚለው ፊደል ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው ዋናው። የስማርት ካርዱ ቁጥር ሌላ ነው፣ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ፎቶው ከድርጅቱ ከተነበበው ቁጥር ጋር አንድ ከሆነ ብቻ ይላክ። አላላኩን ድርጅቱ ይነግራችኋል። አንዳንዱ አድራሻው የተጻፈበት ባዶ ካርቶን በፖስታ ይልካል። አንዳንዱ ደግሞ "ዕቃውን ይዛችሁ መላኪያ ሱቅ ሂዱ፣ የሂሳብ ቁጥሩን ብቻ ንገሯቸው፣ እነሱ ያሽጉታል" ይላል። ስምንት ቀን ለቀረው ሰው ሁለተኛው ይሻላል። ካርቶን ሲጠበቅ ቀኑ ያልቃል።

ተከራዩ ሲያስረክብ የሚሰጡት ቁራጭ ወረቀት አለ፣ የመከታተያ ቁጥር ያለበት። ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ያቺ ወረቀት 180 ዶላር ናት። ቀለሟ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ጥቂት ወር ኪስ ውስጥ ስትቆይ ነጭ ትሆናለች። ፎቶው ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ቢኒያም፣ አዘዞ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ይሄ ነገር ሰው ማስፈራራት ነው። ወንድሜ አሜሪካ ዲኮደሩን ከሱቅ በገንዘቡ ገዝቶታል። ከፍለህ የወሰድከው ዕቃ ያንተ ነው። ማንም "መልስ" ሊልህ አይችልም።

እዚህ ጎንደር ብትለኝ ልክ ነህ። እዚያ ግን ግማሹ ብቻ ነው ልክ። ለምሳሌ ዳይሬክቲቪ የሚባለው የአሜሪካ ሳተላይት ድርጅት ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከሱቅ ተከፍሎባቸው የሚወሰዱትን ዲኮደሮች ሳይቀር በኪራይ ነው የሚሰጠው። ባንኮኒው ላይ 99 ዶላር ከፍለህ ትወጣለህ፣ ወረቀቱን ስታነበው ግን የከፈልከው የኪራይ መጀመሪያ ነው። ሽያጭ አይደለም። ብዙ ሰው "ገዝቼዋለሁ" ብሎ ለዘመድ ሰጥቶት በኋላ ሂሳብ መጥቶበታል።

የወንድምህን ለማወቅ ወርሃዊ ሂሳቡን ያውጣ። የዕቃ ኪራይ የሚል መስመር ካለ ዕቃው የእነሱ ነው። መስመሩ ከሌለም ውሉን ማየት አለበት፣ ኪራዩን በጥቅሉ ውስጥ የሚደብቁ አሉ። በእርግጥ የራሱ ከሆነ ደግሞ የሚጠቅመው ሕግ አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣ የአሜሪካ ሕግ ቴሌቪዥን አቅራቢዎች ደንበኛው በራሱ ዕቃ ሲጠቀም የኪራይ ክፍያ እንዳይጠይቁት ይከለክላል።

ቢኒያም፦ እሺ ወረቀቱን አስልከዋለሁ። አሁንም ግን አልዋጠልኝም።

አይዋጥልህ፣ ወረቀቱን ብቻ አስልከው።

እትዬ አስካለ፣ ቅዳሜ ገበያ፦ እኔ ደግሞ ዲኤስቲቪ ነው ያለኝ። ልጆቹ ለኳስ ብለው ያስገቡት ነው፣ አሁን ሁሉም ወጥተዋል። ላቋርጠው ብል ጎረቤቴ "ዲኮደሩን ካልመለስሽ ዕዳ ይቆጠርብሻል" አለኝ። እውነት ነው? የትስ ነው የሚመለሰው?

አይዞዎት እትዬ፣ ጎረቤትዎ የአሜሪካውን ሰምታ ይሆናል። እዚህ ለቤት የሚሸጠው ዲኮደር የገዙት ዕቃ ነው፣ የእርስዎ ነው። ክፍያውም ቀድሞ የሚከፈል ነው። የከፈሉበት ወር ሲያልቅ ምስሉ ይቆማል፣ ነገሩ እዚያ ያበቃል። የሚመለስ ነገር የለም። እኔ ዘንድ የሚመጣው ደንበኛ ግማሹ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ሊጉ ግንቦት ላይ ሲያልቅ ይተወዋል፣ ነሐሴ ላይ ሲጀምር ይከፍላል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ዲኮደሩን ለሰው ሊሰጡ ወይም ሊሸጡ ከሆነ ስሙን ያዛውሩ። ሒሳቡ በልጅዎ ስም፣ በልጅዎ ስልክ ተከፍቶ ከሆነ ገዢው ችግር በገጠመው ቁጥር መልእክቱ ለልጅዎ ነው የሚሄደው። ገዢውም ዲኮደሩ ሲቆለፍበት ማስከፈት አይችልም፣ ስሙ የእሱ አይደለማ። የገዙበት ደረሰኝ ካለ አብረው ይስጡት። ያለ ደረሰኝ ያገለገለ ዲኮደር እኔም ለመግዛት እፈራለሁ፣ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

ጌታቸው፦ ውሉ ከተቋረጠ በኋላ ዲሹ አገራዊ ቻናሎችን ይስብልኛል ማለት ነው? ሳልከፍል?

ጥያቄው ሌላ ቢሆንም እመልስልሃለሁ። ሰሃኑ ይጠቅምሃል፣ አቅጣጫው ግን መዞር አለበት። ዲኤስቲቪ የሚመጣው 36 ዲግሪ ምሥራቅ ካለው ሳተላይት ነው። ጎንደር ከዚያ ሳተላይት ሥር ነው ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ሰሃኑ ወደ ላይ ያንጋጥጣል፣ 75 ዲግሪ ያህል። ክረምት ላይ ውሃ የሚያቁርልህም ለዚያ ነው። የኢትዮጵያ ቻናሎች የተሰበሰቡበት ኢትዮሳት ደግሞ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ለእሱ ሰሃኑ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ ወደ 63 ዲግሪ ይወርዳል። የዲኤስቲቪ ዲኮደር ለዚህ አይሆንህም፣ ነፃ ቻናል የሚይዝ ተራ ሪሲቨር ግዛ። ዲሹን ራስህ አትንካው ብዬ ልምከርህ ነበር፣ ግን እንደማትሰማኝ አውቃለሁ።

የፔንሲዮኗ፣ ጃንተከል አካባቢ፦ የእኔ ከሁሉም ይለያል። 12 ክፍል ያለው ፔንሲዮን አለኝ። አንድ አቅራቢ ለየክፍሉ ዲኮደር አስገብቶልኝ በዓመት ውል እየከፈልኩ ነበር። እንግዳ ስለቀነሰ ማቋረጥ ፈልጌ በደብዳቤ አሳወቅኳቸው። ሁለት ወር ሆነው፣ አሁንም ሂሳብ ይልካሉ። ዕቃውንም መጥተው አልወሰዱም። ምን ላድርግ?

እዚህ አገር ዲኮደር መመለስ እውነተኛ ጥያቄ የሚሆነው እንዲህ ለሆቴልና ለፔንሲዮን በጅምላ በውል ሲገባ ነው። ዕቃው የአቅራቢው ሊሆን ይችላል፣ የእርስዎ ሊሆን ይችላል፣ ውሉ ይናገራል። መጀመሪያ እሱን ያውጡትና ሁለት ቦታ ይፈልጉ። አንደኛ፣ ለማቋረጥ ከስንት ቀን በፊት ይነገር ይላል? 30 ቀን ካለ ደብዳቤዎ ከገባበት ቀን ጀምሮ ያለው 30 ቀን ይከፈላል፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን ይከራከሩበታል። ዓመቱ ሳይሞላ ማቋረጥ ጭራሽ አይቻልም የሚል ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ሁለተኛ፣ ከውሉ ጋር የተያያዘ የዕቃ ዝርዝር አለ? ስንት ዲኮደር፣ ስንት ሪሞት፣ ስንት አዳፕተር፣ እያንዳንዱ በስንት ብር ተገምቶ?

ደብዳቤውን እንዴት አስገቡት?

የፔንሲዮኗ፦ በልጁ እጅ ላክሁት። ለጥበቃው ሰጥቶት ተመለሰ።

ችግሩ እሱ ነው። ለጥበቃ የተሰጠ ደብዳቤ አልገባም ብለው ይቁጠሩት። እንደገና ይጻፉ። ሁለት ኮፒ ይዘው መዝገብ ቤት ይግቡ። አንዱ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ያስደርጉና ይዘውት ይውጡ። ያ ኮፒ ከሌለ ሁለት ወር ቢያልፍም ሰዓቱ መቁጠር አልጀመረም ሊሏችሁ ይችላሉ።

ዕቃውን በተመለከተ "መጥተው ይውሰዱ" ብለው አይቀመጡ። በደብዳቤው ላይ "ዕቃውን በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ፣ ተረካቢ ላኩ" ብለው ይጻፉበት። ሲመጡ የርክክብ ቅጽ ይሥሩ። ክፍል 101፣ የዲኮደሩ ቁጥር፣ ሪሞት አለ፣ አዳፕተር አለ፣ ይሠራል። ክፍል 102፣ እንደዚሁ። ቁጥሩን ከዲኮደሩ ጀርባ እያነበቡ አንድ በአንድ። "12 ዲኮደር ተረክቤያለሁ" ብሎ በአንድ መስመር ከፈረመ አይበቃም። በኋላ "ቁጥር እንዲህ ያለው አልመጣም፣ ሌላ ነው የሰጣችሁን" ሲባል መልስ የለዎትም። እያንዳንዱን ሰክተው ምስል ሲያሳይ ተረካቢው ፊት ለፊት ቢያዩት ደግሞ "ተበላሽቶ ነው የመጣው" የሚለው ይቀራል። መብራት ከሌለ ቀኑን ይለውጡት።

ደምሴ፦ ላግዝህ ሙሌ። እኔ ፍርድ ቤት አካባቢ ነኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው ይላል። ስለዚህ እሜቴ ውሉ ላይ ቅጣት ከተጻፈ ይከፍላሉ፣ ካልተጻፈ አይከፍሉም። ቀላል ነው።

ስለ ቅጣቱ እስማማለሁ። "ካልተጻፈ አይከፍሉም" የሚለው ላይ ግን አልስማማም። የጠፋ አዳፕተር ዋጋው ውሉ ላይ ባይጻፍም የሰው ንብረት ጠፍቷል፣ ግምቱ ይጠየቃል።

ደምሴ፦ ይጠየቃል፣ ግን በገበያ ዋጋ እንጂ እነሱ ባወጡት አይደለም። ለዚያውም ያገለገለ ዕቃ ነው።

እሱ ያስማማናል ማለት ነው? ለእኔ ያገለገለ አዳፕተር ዋጋ ስንት ነው የሚለው ራሱ ጭቅጭቅ ነው። እሜቴ፣ ተመሳሳዩን በቮልቱና በአምፔሩ ልክ ከገበያ ገዝተው ቢያስረክቡ ከሁለታችን ክርክር ይሻልዎታል። ነገሩ ካልተፈታ ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 አለ። ደረሰኙንና ማህተም ያለበትን ኮፒ ይዘው ንግድ ጽሕፈት ቤቱን ያማክሩ። እርስዎ ነጋዴ ስለሆኑ እንደ ሸማች ይቆጠሩ ይሆን የሚለውን ግን ደምሴ ይመልስ።

ደምሴ፦ እሱን ሳላይ አልናገርም።

ትዕግሥት፦ የእኔን ስሙኝ እስቲ። ቀበሌ 18 ተከራይቼ ስኖር ዲኮደሬን ግድግዳ ላይ አስገጥሜው ነበር። ስለቅ አከራዬ "ግድግዳው ላይ ያለ የቤቱ ነው" ብለው ከለከሉኝ። ሦስት ዓመት ሆነው እስከዛሬ ያናድደኛል።

ያናድዳል። ዲኮደር እንደ በርና መስኮት የቤቱ አካል አይደለም፣ የገዛሽበት ደረሰኝ ካለሽ ያንቺ ነው። ሰሃኑ ጣሪያ ላይ በብሎን ስለተሰካ ነው ብዙ ጊዜ የሚያጨቃጭቀው። ወደፊት ስትገቢ አከራይዋ ፊት ለፊት "ይሄ የእኔ ነው፣ ስወጣ እነቅለዋለሁ" ብለሽ የኪራይ ውሉ ጀርባ ላይ አስፈርሚ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሽ ሙሉቀን፣ እኔ ዲኮደሩን ከመለስኩ ዓመት ሊሆነው ነው። አሁን ከዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ደብዳቤ መጣልኝ። መመለሻ ወረቀቱን ጥዬዋለሁ። ከፍዬ ልገላገል ወይ?

ገና አትክፈል። እዳ ሰብሳቢው መጀመሪያ ስለ ዕዳው ዝርዝር ማሳወቂያ ይልክልሃል። ማሳወቂያው ከደረሰህ በ30 ቀን ውስጥ "ይህ ዕዳ የእኔ መሆኑን አረጋግጡልኝ" ብለህ በጽሑፍ ከተከራከርክ እስኪያረጋግጡ ድረስ መሰብሰቡን ያቆማሉ። በስልክ መናገር አይበቃም። ደብዳቤው የመጣበትን ቀን ኤንቨሎፑ ላይ ጻፍበት።

ወረቀቱን ብትጥለውም ተስፋ አትቁረጥ። መላኪያ ሱቁ በኢሜይል ልኮልህ ይሆናል፣ ፈልግ። ካልሆነ ለቴሌቪዥን ድርጅቱ ደውለህ የዲኮደሩን ቁጥር ንገርና "መጋዘን ገብቷል ወይ?" በል። ብዙ ጊዜ ገብቶ ነው የሚገኘው፣ ከሌላ ሰው ሒሳብ ጋር ተያይዞ። እምቢ ካሉህ የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ዘንድ በነፃ አቤቱታ አስገባ። ድርጅቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት ግዴታው ነው። ስልክ ላይ ሁለት ሰዓት ሙዚቃ ሲያሰሙህ የነበሩ ሰዎች፣ አቤቱታው ሲደርሳቸው ራሳቸው ይደውሉልሃል። ዝም ማለቱ ግን ጉዳት አለው። ዕዳው የብድር ታሪክህ ላይ ከሰፈረ እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል። ቤት ልከራይ ስትል ይታያል።

ሳምሪ፦ ዲኮደሩ መብራት ሲመጣ ተቃጥሎብን ነበር። የተቃጠለ መመለስ ምን ያደርጋል?

ኪራይ ከሆነ ተቃጥሎም ይመለሳል። የተበላሸ ዕቃ የተመለሰ ዕቃ ነው፣ የጠፋ ዕቃ ግን የጠፋ ነው። ከተሰረቀ ወይም ከቤት ጋር ከተቃጠለ የፖሊስ ማስረጃ ያውጡ።

ሰላማዊት፣ ማራኪ፦ ጋሽ ሙሉቀን፣ ተመለስኩ። እናቴ ደወለች። እንዳልከኝ "ስንት ዕቃ ነው በስሜ ያለው" ስትላቸው ሦስት ነው አሏት! እኛ የምናውቀው ሁለት ነው። ተከራዩም ቤቱን ፈልጎ ሁለት ብቻ ነው ያገኘው። ሦስተኛው 45 ዶላር ነው አሉ።

ያ ጥያቄ አይዘለል ያልኩት ለዚህ ነው።

እናትሽን ጠይቂያቸው። በውሉ ጊዜ ዲኮደር ተበላሽቶ ቴክኒሻን መጥቶ ቀይሮ ያውቃል?

ሰላማዊት፦ አዎ! አንድ ሰውዬ መጥቶ ሳሎን ያለውን ቀይሮታል ትላለች። አሮጌውን ይዞት ሄደ።

እንግዲያው ያ ነው ሦስተኛው። ቴክኒሻኑ አሮጌውን ይዞ ሲወጣ በእጁ ባለችው መሣሪያ ቁጥሩን አንብቦ ከሒሳቡ ላይ ማውረድ ነበረበት። ይሄንን በደንብ የማውቀው እኔ ራሴ ስላደረግሁት ነው። አንድ ዓርብ ማታ ሰባተኛ ቤቴ ነበር። ዕቃውን ቀይሬ አሮጌውን መኪናው ኋላ ወርውሬ ወደ ቤቴ። ሰኞ ከሌሎች ስድስት ዲኮደሮች ጋር ሳስረክብ የማን እንደሆነ አላውቅም። ያቺ ሴትዮ ከሰባት ወር በኋላ ሲያቋርጡ ሂሳብ መጣባቸው። ስማቸውን ሥራ አስኪያጄ ሲያሳየኝ ፊቴን የት ላድርገው?

ስለዚህ እናትሽ ደግመው ይደውሉና ቀኑን ባያስታውሱት እንኳ "ቴክኒሻን መጥቶ ቀይሯል፣ የጥገናውን መዝገብ ክፈቱና እዩ" ይበሉ። የጥገና ጉብኝት ሁሉ በሒሳቡ ላይ ቀንና ቁጥር አለው። በዚያ ቀን አዲስ ቁጥር ገብቶ አሮጌው ካልወጣ ስህተቱ የእነሱ መሆኑ ወረቀቱ ላይ ይታያል። ያናገሩትን ሰው ስምና የጉዳዩን ቁጥር ይጻፉ። ሁለቱን ዲኮደሮች ግን ሦስተኛው እስኪጣራ ብላችሁ እንዳታቆዩ። ስምንት ቀን ነው የቀራችሁ፣ ነገ ይሂዱ።

ሰላማዊት፦ ተከራዩ ነገ ጠዋት ያደርሳል። ስለ ሦስተኛው "እናጣራለን" ብለው ነው የዘጉት። ሌላ ደግሞ፣ እናቴ ትልቁ ዲኮደር ላይ የእህቴን ልጅ በቴሌቪዥን የወጣችበትን ፕሮግራም ቀድታ ነበር። እሱን ማውጣት ይቻላል?

ወደ ፍላሽ አይወጣም፣ ተቆልፎ ነው የሚቀዳው። አገልግሎቱ ከተቋረጠ ደግሞ ላይከፈትም ይችላል። ግን ተከራዩ ዛሬ ማታ ሰክቶ ይሞክረው። ከተከፈተ ቴሌቪዥኑ ፊት ስልኩን ቀጥ አድርጎ ይቅረጽላቸው፣ መብራቱን ያጥፋ፣ መስታወቱ እንዳያንጸባርቅ። ነገ ጠዋት ከሄደ በኋላ አይገኝም።

ሰላማዊት፦ አሁን እደውልለታለሁ። እዚያ ገና ቀን ነው።